ጤፍ በጋራ ሲገዛ ዋጋው ለምን ይቀንሳል? ከአንድ የማኅበር ስብሰባ የሰማሁት አጭር ንግግር

ዛሬ ከፖለቲካው ለጥቂት ደቂቃ ወጣ ብለን ስለ ጤፍ እንነጋገራለን። ቅዳሜ ዕለት እኔ በምኖርበት በአሜሪካ የሚገኝ አንድ አነስተኛ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ስብሰባ ላይ ተጋብዤ ነበር። አባላቱ አርባ ቤተሰብ ናቸው። አጀንዳው ጤፍ ዱቄት በጋራ መግዛታችንን እንቀጥል ወይስ እንተው የሚል ነው። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ተነሥተው ከአሥር ደቂቃ ያልበለጠ ንግግር አደረጉ። «ድር ቢያብር» ብለው አልጀመሩም፤ በወረቀት ላይ ሒሳብ ይዘው ነው የመጡት። ለእናንተ ላካፍላችሁ የፈለግሁት ያንን ሒሳብ ነው።

እንደምታውቁት ጤፍ በእህልነቱ ከኢትዮጵያ እንዳይወጣ ለረጅም ጊዜ ታግዶ ቆይቷል። በዚህ ምክንያት እዚህ አሜሪካ ከምንበላው ጤፍ አንዱ ክፍል አይዳሆ በተባለው ግዛት የሚበቅል ነው። ከአይዳሆ እስከ ምሥራቁ ጠረፍ ድረስ አገሩን በሙሉ አቋርጦ በመኪና መምጣት አለበት። ገንዘብ ያዧ የጀመሩትም ከመኪናው ነው።

«መኪናው ሃያ ከረጢት ቢጭንልን ሰማንያም ቢጭንልን ሹፌሩ ያው ሹፌር ነው፣ መንገዱም ያው መንገድ ነው» አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ የእንጨት ፓሌት ላይ እያንዳንዳቸው 25 ፓውንድ የሆኑ ሰማንያ ከረጢቶች ቢደረደሩ 2,000 ፓውንድ ይሆናሉ፤ ወደ ዘጠኝ ኩንታል ማለት ነው። ያንን ፓሌት የሚያነሣው ማሽን አንድ ጊዜ ነው የሚያነሣው። ደረሰኙ አንድ ነው፣ ስልኩ አንድ ነው፣ የማድረሻ ቀጠሮው አንድ ነው። ሃያ ከረጢት ብናዝም ይህ ሁሉ ሥራ አይቀርም። ስለዚህ ሻጩ ለትንሽ ትዕዛዝ ከፍ ያለ ዋጋ የሚጠይቀው ስለጠላን አይደለም፤ ያ የማይቀር ወጪ በጥቂት ከረጢት ላይ ስለሚከፋፈል ነው።

ለማስረዳት ያህል የተወሰዱትን ቁጥሮች እንያቸው። ሱቅ ውስጥ አንድ ከረጢት 52 ዶላር ነው እንበል። ማኅበሩ ሃያ ከረጢት ቢያዝ ወፍጮ ቤቱ እያንዳንዱን 41 ዶላር ይላል፣ ማጓጓዣው 160 ዶላር ይሆናል፤ ሲካፈል በከረጢት 8 ዶላር። በድምሩ 49 ዶላር። ከሱቁ ጋር ያለው ልዩነት 3 ዶላር ብቻ ነው፤ ለዚህ ብሎ ቅዳሜውን የሚያቃጥል ሰው አይገኝም። ሰማንያ ሲታዘዝ ግን ዋጋው ወደ 36 ዶላር ይወርዳል፣ ማጓጓዣው 240 ዶላር ይሆናል። ልብ በሉ፤ ጭነቱ አራት እጥፍ ሲያድግ ማጓጓዣው ያደገው በግማሽ ብቻ ነው። በከረጢት 3 ዶላር ሲደመር 39 ዶላር ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ወጣት አጨበጨበ። ገንዘብ ያዧ ግን «ቆይ፣ ገና አላለቀም» አሉት። ንግግራቸውን የወደድኩትም ለዚህ ነው።

ባለሱቁ በከረጢት ላይ የሚጨምረው ገንዘብ ሁሉ ትርፍ አይደለም። ባለሱቁ ፓሌቱን ፈትቶ ይደረድራል፣ የማከማቻ ኪራይ ይከፍላል፣ ከማለዳ እስከ ማታ በሩን ከፍቶ ይጠብቀናል፣ አንዳንዶቻችን ደግሞ በዱቤ ወስደን እንረሳለን። ማኅበሩ ያንን ዋጋ ሲቀንስ ሥራው አልጠፋም፤ ወደ አባላቱ ትከሻ ዞሯል። ጭነት ማራገፊያ መድረክ ወደሌለው መኖሪያ ቤት ሲመጣ እንኳ የማጓጓዣ ድርጅቶች ለማውረጃው ለብቻው ያስከፍላሉ፤ ይህን ሳይጠይቁ ያዘዙ ሰዎች ደረሰኙ ሲመጣ ይደነግጣሉ። በእኛው ሒሳብ ለዱቄቱ ማስቀመጫ 80 ዶላር ኪራይ ይጨመራል፤ ሁለት ከረጢት ደግሞ ይቀደዳል ወይም እርጥበት ያገኘዋል እንበል። ጠቅላላ ወጪው 3,200 ዶላር፣ የሚሸጠው 78 ከረጢት። እውነተኛው ዋጋ 41 ዶላር ገደማ ይሆናል። አሁንም ከሱቁ 11 ዶላር ይረክሳል፣ በወር ሁለት ከረጢት ለሚበላ ቤት 22 ዶላር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ማኅበሩ ባለፈው ጊዜ የከሰረው በዋጋ ሳይሆን «እወስዳለሁ» ብለው ባልመጡ አባላት ነው። 3,200 ዶላሩ አንዴ ወጥቷል። ሃያ ከረጢት ሳይወሰድ ቢቀርና ቢበላሽ ወጪው በ58 ከረጢት ላይ ይወድቃል፤ አንዱ ከ55 ዶላር በላይ ያወጣል። ከሱቁ ተወደደ ማለት ነው! ገንዘብ ያዧ ሲያሰሉት ጤፉ ከሱቁ እንዳይበልጥ ቢያንስ 62 ከረጢት ገንዘቡ መግባት አለበት። ጤፍ ደግሞ እንደ ብረት አይቀመጥም፤ ዱቄት ሲቆይ ነፍሳት ያገኘዋል፣ ሽታውም ይለወጣል። ስለዚህ ያቀረቡት ሐሳብ አንድ ነው፦ ትዕዛዝ የሚቆጠረው ገንዘቡ ሲገባ ብቻ ይሁን፤ የተከፈለበት ከ62 ካነሰ በዚያ ወር ግዢ አይኑር።

አንድ አረጋዊ እጃቸውን አነሡና «ልጄ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ቀድሜ ከየት አምጥቼ እከፍላለሁ?» አሉ። ጥያቄያቸው ቀልድ አይደለም። የጅምላ ዋጋ ርካሽ የሚሆነው ቀድሞ ገንዘብ ላለው ነው። የተሰጣቸው መልስ እቁብ የምናውቅ ሰዎች በቀላሉ የምንረዳው ነው፦ ክፍያው በሳምንት በሳምንት ይሰበሰብ፣ ወሩ ሲሞላ ትዕዛዙ ይሂድ።

ሌላው ክርክር ጤፉ ለአባላት በስንት ይሸጥ የሚል ነበር። በ1844 በእንግሊዟ ሮችዴል ሱቅ የከፈቱት ሃያ ስምንት ሠራተኞች ይህን ጥያቄ ፈትተውታል፦ በገበያው ዋጋ በጥሬ ገንዘብ ይሸጡ ነበር፣ የተረፈውን ደግሞ እያንዳንዱ በገዛው መጠን ይመልሱለት ነበር። በእኛ ማኅበር ቢሆን 41 የወጣበትን 41 ብሎ መሸጥ ማለት፣ በሚቀጥለው ወር ማጓጓዣው ሲጨምር ካዝናው ባዶ ሆኖ መገኘት ነው። በ48 ሸጦ ልዩነቱን በዓመቱ መጨረሻ በግዢ መጠን መመለስ ግን ድንገት ለሚመጣ ወጪ ቦታ ይተዋል። እኔ በበኩሌ የምስማማው በዚህኛው ነው፤ አንዳንድ አባላት ግን ገንዘባቸው በሰው እጅ መቆየቱ አልተመቻቸውም፣ እውነት አላቸው፣ ሒሳቡ በየሦስት ወሩ ካልተነበበ ሥጋቱ ትክክል ነው።

አገር ቤት ያላችሁ ተመልካቾች «እኛም የሸማቾች ማኅበር አለን» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ግን ሁለቱን አታምታቱ። በቀበሌው የሸማቾች ሱቅ ስኳርና ዘይት ብዙ ጊዜ ይረክስ የነበረው መንግሥት በወሰነው ዋጋ በኮታ ይመጣ ስለነበር ነው። ኮታው ሲቀር ርካሽነቱም ይቀራል። ማኅበሩ በራሱ ገንዘብ ከአምራቹ በጅምላ የገዛውን ለይታችሁ እዩ፤ ማኅበሩ በራሱ አቅም ያተረፈላችሁ ያ ነው።

በመጨረሻ ድምፅ ተሰጠ። ቅድመ ክፍያው ያለፈው በጠባብ ልዩነት ነው። ከዚያ ጡረተኛው አባት እንደገና እጃቸውን አነሡ፤ ከረጢቶቹን ከመኪናው የሚያወርደው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ቅድም ያጨበጨበው ወጣት ቀና አላለም። ገንዘብ ያዧ ስሙን መዝገቡ ላይ ጻፉት።