ፎቶዎ ከእኛ ዘንድ ምን ይሆናል? የአንድ ፎቶ ቤት ባለቤት ለደንበኞቹ የጻፈው ደብዳቤ



ወደ ፎቶ ቤታችን ከሚመጡት ሥራዎች ብዙዎቹ አሁን ቅንብር ናቸው። አባት አርፈዋል፣ እህት ሪያድ ናት፣ ቤተሰቡ ግን ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አንድ ላይ መታየት ይፈልጋል። ፎቶዎቹን ከተረከባችሁ በኋላ የሰጣችሁን ምስል ወዴት እንደሚሄድ የምትጠይቁ ስለበዛችሁ፣ አንድ ሥራ ይዤ እስከ መጨረሻው ላሳያችሁ።

እናትና ሁለት ልጆች እኛ ዘንድ ተነሱ። የአባትየው ምስል አንዲት 3 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነች ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶ ብቻ ናት። በ1200 ዲፒአይ ስካን ስትደረግ 1,400 በ1,900 ፒክስል ገደማ ትሰጣለች፤ ፊቱን 30 በ40 ሴንቲ ሜትር በሆነ የቤተሰብ ፎቶ ውስጥ ለማስገባት ይበቃል። ከደረት በታች ስለሌለን አባትየውን ከኋላ አቁመን የልጆቹ ትከሻ እንዲሸፍነው እናደርጋለን።

ሙሉ ቁመና ቢፈለግስ? በሙያችን የቆየ ልማድ አለ፤ የአንዱን ደንበኛ ገላና ኮት ወስዶ በሌላው አንገት ሥር መቀጠል። ባለ ኮቱ ሰውዬ የማያውቃቸው ሰዎች ሳሎን ውስጥ ቆሞ ይኖራል። እኛ ይህን አናደርግም። ገላ ካስፈለገ ኮት ለብሶ የሚነሳው የራሳችን ሠራተኛ ነው፤ የእናንተ ምስል የሚገባው እናንተ ባዘዛችሁት ቅንብር ውስጥ ብቻ ነው። ለማስታወቂያ ወይም ለናሙና የምንለጥፈውም በጽሑፍ ስትፈቅዱልን ነው።

ሪያድ ላለችው ልጅ ሦስት ነገር እንነግራታለን። በሰው እጅ፣ ቢያንስ ከሁለት ሜትር ርቀት ትነሳ፤ ራሷ እጇን ዘርግታ የተነሳችው አፍንጫን ያገዝፋል። የስቱዲዮአችን መብራት ከግራ ስለነበር መስኮቱም በዚያው በኩል ይሁን። ፎቶውን በቴሌግራም ስትልክ ደግሞ በ File በኩል ይሁን፤ አለበለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል። ነገር ግን እንዲህ የተላከ ፎቶ ስልኩ የመዘገበውን ሰዓትና ቦታ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ እንደደረሰን ያንን መረጃ እናወጣለን። ከዚያም ፈቃዷን በራሷ ድምፅ ትልክልናለች። እናቷ ስለፈቀዱ አይበቃም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዳይባዛ ይከለክላል።

አሁን ወደ ማጥፋቱ። ሰው የሚያስበው የተረከበውን የመጨረሻ ፎቶ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን የፎቶሾፕ ፋይሉ ነው። በሌየር የተሠራ ፋይል ሸፍኖ ያስቀረውን ነገር አያጠፋም። ከልጅቷ ኋላ የነበረው መኝታ ክፍል ከታተመው ፎቶ ላይ አይታይም፤ ፋይሉ ውስጥ ግን እንዳለ ተቀምጧል። ስለዚህ የተላኩልንንና ስካን ያደረግናቸውን ፎቶዎች ሥራውን በተረከባችሁ በ7 ቀን ውስጥ፣ ባለ ሌየሩን ፋይል በ30 ቀን ውስጥ እናጠፋለን። ሠላሳ ቀን የምንጠብቀው «የእማዬ ነጠላ ደብዘዝ ብሏል» ብላችሁ ብትመለሱ እንድናስተካክል ነው። የመጨረሻውን ፎቶ ዳግም ማሳተም ለምትፈልጉ አንድ ዓመት እናቆያለን፤ አታቆዩ ካላችሁን በዚያው ቀን ይጠፋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም መረጃ ከተፈለገበት ጊዜ በላይ እንዳይቀመጥ ያዛል።

ማጥፋት ስንል ፋይሉ ከኮምፒዩተሩ፣ ከቆሻሻ ቅርጫቱ፣ ከመጠባበቂያው ዲስክ፣ ከቴሌግራም መልእክቱና ከዚያ ወርዶ ከተቀመጠበት ፎልደር ይወጣል ማለታችን ነው። የመጨረሻው በብዛት የሚረሳው ነው። የካሜራው ካርድ ደግሞ ፎርማት ቢደረግም፣ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ የድሮው ፎቶ በመልሶ ማግኛ ፕሮግራም ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ካርዱን ከመጣላችን ወይም ከመሸጣችን በፊት ሌንሱን ከድነን እስኪሞላ ቪዲዮ እንቀርጽበታለን።

የማንችለውም አለ። የሪያዷ ልጅ ሐሳቧን ብትቀይር የላከችውን ወዲያው እናጠፋለን፣ ዳግመኛም አናትምም፤ እናቷ ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን ወይም ወንድሟ ፌስቡክ ላይ የለጠፈውን ግን ማውረድ አይቻለንም። እሱ በቤተሰብ የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

ሁለት ሥራ አንቀበልም። ለዲቪ ፎቶ ኮት ማልበስም ሆነ ፊት ማስተካከል አንሠራም፤ አሜሪካኖቹ በኮምፒዩተር የተነካካ ፎቶ አይቀበሉም፣ ማመልከቻችሁ ሊሰረዝ ይችላል። ለኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ብሎ አብረው ያልነበሩ ጥንዶችን አብሮ ማቆምም እንዲሁ።

ቀኑ ሳይደርስ ፎቶው እንዲጠፋላችሁ ከፈለጋችሁ ደረሰኙን ይዛችሁ ኑ። ደረሰኝ የጠፋበት ሰው አይጨነቅ፤ የፎቶው ባለቤት መሆኑን ከፊቱ ጋር አስተያይተን እናውቃለን።