የበላይዋን የከሰሰች ሠራተኛ ልትባረር ትችላለችን?

በሰበታ አካባቢ ባለ የአበባ እርሻ በቀን 150 ብር የምትሠራ ሴትን ለምሳሌ እንውሰድ። ሥራ አስኪያጁ ወሲባዊ ትንኮሳ ይፈጽምባታል፤ እርሷ ግን እንዳትባረር ፈርታ ዝም ብላለች። ዝምታዋን ፈሪነት ማለት አይገባም፤ የቤት ኪራይ የሚከፈለው ከዚያው ደመወዝ ነውና።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ቅሬታው መቅረቡን የሚያስረዳ ነገር ከሌለ ጥበቃው የወረቀት ብቻ ይሆናል፤ አሠሪው በስንብት ደብዳቤው ላይ ሌላ ምክንያት ሊጽፍ ይችላልና። ስለዚህ ድርጊቱ የተፈጸመበትን ቀንና ቦታ፣ ያየ ሰው ካለም ስሙን የያዘ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ አዘጋጅቶ፣ በአንዱ ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን አስፍሮ መያዝ ያስፈልጋል።

መቆየት ካልቻለች ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ትችላለች። ከሥራ ስንብት ክፍያ በተጨማሪ የቀን ደመወዟ በ90 ተባዝቶ በካሳ መልክ ይከፈላታል፤ በዚህ ምሳሌ 13,500 ብር ማለት ነው። ሆኖም ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከቆመበት ቀን አንሥቶ 15 የሥራ ቀናት ካለፉ በዚህ ምክንያት የመልቀቅ መብቷ ይቋረጣል።

ሥጋቱ የሚብሰው በሙከራ ጊዜ ላይ ባለች ሠራተኛ ነው፤ ለሥራው ተስማሚ አይደለችም ተብላ ያለ ማስጠንቀቂያ ልትሰናበት ትችላለች። ለእርሷ ያች የተፈረመባት ቅጂ ይበልጥ ታስፈልጋታለች።