ያውቁ ኖሯል? የሻማን ነበልባል የሚያሾለው የመሬት ስበት ነው

በ1992 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ በተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ውስጥ ሻማ ተለኩሶ ነበር። ነበልባሉ ግን እርስዎ እንደሚያውቁት ሾጣጣና ቢጫ አልሆነም፤ ድቡልቡል ወደ መሆን ያደላና ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ነበር። ምድር ላይ የጋለ አየር ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከሥር ይተካል፤ ነበልባሉን ወደ ላይ ስቦ የሚያሾለው ይህ ፍሰት ነው። ክብደት በማይሰማበት ቦታ ፍሰቱ ስለሌለ ኦክስጅን ወደ እሳቱ የሚደርሰው ቀስ እያለ ነው። ቢጫው ቀለም ደግሞ የጋለ ጥቀርሻ ብርሃን ነው፤ የቀለጠው ሰም ተንኖ አየር የሚያገኘው በነበልባሉ ጠርዝ ላይ ብቻ በመሆኑ ጥቀርሻ ይፈጠራል።

የጋዝ ምድጃ ይህን ችግር አስቀድሞ ይፈታል፦ ጋዙ ከመቀጣጠሉ በፊት ከአየር ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ ነበልባሉ አጭር፣ ሰማያዊና ከቦታው የማይነቃነቅ ነው። እሳቱ በድብልቁ ውስጥ በሰከንድ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሊነድ ይሞክራል፤ ከቀዳዳው የሚወጣው ጋዝ ግን ይገፋዋል። ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ድስትዎን ካጠቆረ፣ የአየር መግቢያው ተደፍኖ ሊሆን ይችላል።

የደን እሳት ግን የሚነድ ጋዝ ተዘጋጅቶ አይጠብቀውም። ፊቱ ያለውን ሣርና ቅጠል በግለቱ አድርቆ ጋዝ እንዲያወጣ ማድረግ አለበት። ዳገት ላይ ነበልባሉ ወደ ላይኛው ተክል ስለሚቀርብ ይህ ሥራ ይፈጥናል፤ በእሳት አደጋ ሠራተኞች ግምታዊ ስሌት፣ ዳገቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ሽቅብ የሚወጣው እሳት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል።