ሠርግ፣ ቅቤና የሳምንቱ ሒሳብ

ፋሲካ አልፎ ሠርግ በሚበዛበት ወራት በእኛ በተማሪዎች ዘንድ ሁለት ዓይነት ጠባይ ይታያል። አንደኛው ወገን «የሠርግ ዕለት ሒሳብ የለም» ብሎ የቀረበለትን ሁሉ ይበላና ሰኞ ጧት ሚዛን ላይ ወጥቶ ይደነግጣል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ውፍረትን ፈርቶ ወይ ከሠርጉ ይቀራል፣ ወይ መጥቶ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ይህንንም ያየ ዘመድ «ኮራብን» ወይም «ታሞ ይሆናል» እያለ ያዝናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከሁለቱ የተለየ መንገድ መኖሩን በቁጥር ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ሰውነታችን ሒሳቡን በዕለት እንደማይዘጋ ማወቅ ያስፈልጋል። ክብደትን የሚወስነው የአንድ ቀን ምሳ ሳይሆን የብዙ ቀን ገቢና ወጪ ነው፤ ስለዚህ ለመቁጠርም ለማረምም የሚመቸው ልክ ሳምንት ነው። 65 ኪሎ የሚመዝንና ከመኝታ ቤት ወደ ትምህርት ክፍል የሚመላለስ አንድ ወንድ ተማሪ በቀን ወደ 2400 ካሎሪ ያስፈልገዋል እንበል፤ በሳምንት 16800 ይሆናል ማለት ነው። 55 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ተማሪ የቀኑ ልክ ወደ 1900 ዝቅ ይላል። ከዚህ በታች የምናየው ስለ ወንዱ ተማሪ ቢሆንም አሠራሩ ለሁሉም አንድ ነው።

የፋሲካን ማግስት ከሌላው ጊዜ የሚለየው አንድ ነገር አለ። በሌላው ጊዜ የሚጾም ሰው ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚቆይና ቅቤና ሥጋ ስለማይነካ፣ የቅዳሜው ድግስ ሳይታወቅ በእነዚህ ሁለት ቀኖች ይካካሳል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀኖች ግን የረቡዕና የዓርብ ጾም የለም። እንግዲህ ሠርጉ በሚበዛበት ወራት ማካካሻው ይቀራል ማለት ነው። «ሁልጊዜ ሠርግ እሄዳለሁ፤ የምወፍረው ግን በግንቦት ብቻ ነው» የሚል ሰው ምክንያቱን ከዚህ ሊፈልገው ይችላል።

አሁን ወደ ገበታው እንቅረብ። ተማሪያችን ለጓደኛው ሚዜ ሆኖ ቅዳሜ ሠርግ፣ እሑድ ደግሞ መልስ አለበት። ለሠርጉ ምሳ ቦታ ለመተው ብሎ ቁርሱን ሳይበላ ይሄዳል። ሙሽሮቹ እስኪመጡና ምርቃቱ እስኪያልቅ ስምንት ሰዓት ይሆናል፤ በዚያ ሰዓት የተራበ ሰው መምረጥ አይችልም። አንድ ተኩል እንጀራ ቢበላ 675 ካሎሪ ነው፤ አንዱ ሙሉ እንጀራ 300 ግራም ያህል ቢመዝን 450 ገደማ ይሰጣልና። አንድ ብልት ዶሮና አንድ እንቁላል ከነሙሉ ወጡ 650 ይሆናል። ግማሽ ሳህን ክትፎ 560፣ ሦስት ብርሌ ጠጅ 600፣ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 125፣ አንድ ቁራጭ ኬክ 300። ድምሩ 2910 መጣ። ጓደኞቹ ያጎረሱትን ሦስት ጉርሻ እያንዳንዱን በ100 ብናስብ 3210 ይሆናል። ማታ ሙሽራው ቤት 700 ቢጨምርበት የቀኑ ጠቅላላ 3910 ነው። ቁርስ ሳይበላ እንኳ ከቀኑ ልክ 1510 አልፏል። እሑድ በመልሱ ደግሞ 1000 ቢያልፍ የሁለቱ ቀን ትርፍ 2510 ይሆናል።

ይህ ምን ያህል ውፍረት ያመጣል? አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7700 ካሎሪ ያህል ይይዛል። ስለዚህ 2510 ካሎሪ ሲካፈል ከ300 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ስብ ነው። ሰኞ ጧት ሚዛኑ የሚያሳየው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ኪሎ ተኩል ወይም ሁለት ኪሎ ነው። ልዩነቱ ውሃ ነው። ጨውና በርበሬ የበዛበት ወጥ ውሃ ያስይዛል፤ ከእንጀራውና ከኬኩ የመጣው ስኳርም በጡንቻና በጉበት ሲከማች እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ከዚህም ሌላ ምግቡ ራሱ ገና ከሆድ አልወጣም። ይህ ሁሉ በሦስትና በአራት ቀን ይወርዳል። ይህን የማያውቅ ተማሪ ግን ሰኞንና ማክሰኞን ምንም ሳይቀምስ ለማሳለፍ ይሞክራል፤ ረቡዕ ማታ ሲሸነፍ ከሠርጉ ቀን ያላነሰ ይበላል። ሳምንቱን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ሠርጉ ሳይሆን ይህ ቅጣት ነው። ስለዚህ ሚዛን ላይ መውጣት የሚገባው በዓርብ ጧት፣ ከቁርስ በፊት ነው።

«300 ግራምማ ምን አላት?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ አንድ ሠርግ ማንንም አያወፍርም። ነገር ግን በአንድ ወራት ስድስት ሠርግ ያለበት ሰው ምንም ሳያካክስ ቢያልፍ ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል፤ ይህም እንደ ውሃው በአራት ቀን የሚወርድ አይደለም።

እንግዲህ ያው ሰው፣ በዚያው ሠርግ፣ ከማንም ሳይለይ ቢበላ እንዴት ይሆናል? በመጀመሪያ ቁርሱን ይበላል፤ እንቁላልና ዳቦ ከሆነ 400 ገደማ ነው። በምሳው አንድ እንጀራ 450። ከዶሮው ብልቱንና እንቁላሉን ሙሉ ይወስዳል፣ ወጡን ግን በግማሽ፤ 435። ክትፎውን ሳይተው ሲሶውን ብቻ፤ 190። ጠጅ አንድ ብርሌ 200፣ ከዚያ በኋላ የአምቦ ውሃ። ኬኩን ከጎረቤቱ ጋር ለሁለት ይካፈላል፤ 150። ሦስቱን ጉርሻ እንደ ቀድሞው ይቀበላል፤ 300። ምሳው 1725 ሆነ። ማታ 400 ቢቀምስ የቀኑ ድምር 2525 ነው፤ ትርፉ 125 ብቻ። እሑድ በመልሱ 500 እንዲያልፍ ቢፈቅድ እንኳ የሁለቱ ቀን ትርፍ 625 ይሆናል። ይህም ከሰኞ እስከ ዓርብ ላሉት አምስት ቀኖች ቢካፈል በቀን 125 ነው፤ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ማለት ነው። ያንን ጠርሙስ ከሠርጉ በፊት ባለው ሳምንት ለአምስት ቀን የተወ ሰው ሒሳቡን አስቀድሞ ከፍሏል።

ልዩነቱ ከየት እንደ መጣ ልብ በሉ። ከእንጀራው የቀነሰው 225 ብቻ ነው። ከጠጁ 400፣ ከክትፎው 370፣ ከዶሮው ወጥ 215 ቀንሷል፤ የእነዚህ የሦስቱ ድምር 985 ሲሆን በምሳው ከተቀነሰው ሁሉ ሁለት ሦስተኛው ነው። ምክንያቱም ስብ በግራም 9 ካሎሪ፣ አልኮል 7 ሲሰጡ፣ የእንጀራው ዱቄትና የሥጋው ሙዳ 4 ብቻ ስለሚሰጡ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ብቻውን 120 ይደርሳል። በክትፎ ያለው ቀይ ሥጋ ከባድ አይደለም፤ የሚከብደው የተለወሰበት ቅቤ ነው። ስለዚህ «እንጀራ ያወፍራል» ብሎ ወጡን ብቻ በማንኪያ የሚበላ ሰው ያተረፈ እየመሰለው ይከስራል።

ቅቤው የሚደበቅበትን ስፍራም ማወቅ ይጠቅማል። በወጡ ላይ የሚንሳፈፈው ቀይ ቅባት ግልጽ ነው፤ ነገር ግን በትሪ ሲበላ ከወጡ ሥር ያለው እንጀራ ያንን ሁሉ መጥጦ ይቀመጣል። ይህ የታችኛው እንጀራ እጅግ የሚጣፍጥ ነው፤ ከጠገብን በኋላ እያወራን የምንቆራርሰውም እርሱን ነው። የሚሻለው በጥቅል ከቀረበው እንጀራ እየቆረሱ ከጥብሱ፣ ከጎመኑና ከዓይቡ ማዘውተር ነው። ቡፌ ሲሆን ደግሞ ሳህን ከማንሣት በፊት እስከ መጨረሻው ተመልክቶ መምረጥ ይገባል፤ በመጀመሪያ ያገኘውን የሚጨልፍ ሰው ጥብሱ ጋ ሲደርስ ሳህኑ ሞልቷል።

በምግብ ቤትም ነገሩ ያው ነው። «የጾም ስለሆነ ቀላል ነው» ማለት ግን ስሕተት ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ከቅቤው እኩል 120 ካሎሪ አለውና። ፍርፍር ከተባለም እንጀራው ራሱ ቅባት ጠጥቷል። «ቅቤ አይብዛበት» ብሎ ማዘዝ ነውር አይደለም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር እንምጣ፤ እርሱም ሰው ነው። በእኛ አገር ገበታ ላይ «ጠገብኩ» የሚለው ቃል ክርክር ይጠራል። «በሞቴ!» ይከተላል፣ ከዚያም እንቢታው እንደ ንቀት ይቆጠራል። በተለይ በአንድ ትሪ ለሚበሉ ሰዎች አንዱ ቀድሞ እጁን ሲሰበስብ ሌሎቹም አፍረው ይተዋሉ። ስለዚህ የሚያዋጣው ቀድሞ ማቆም ሳይሆን ቀስ ብሎ መብላት ነው። ትንሽ ትንሽ እየቆረሰ እስከ መጨረሻው ከገበታው የማይለይን ሰው ማንም «ብላ እንጂ» አይለውም፤ ቢባልም «እየበላሁ ነው» የሚል እውነተኛ መልስ አለው። ብርሌም እንዲሁ ነው፤ አሳላፊው የሚሞላው ባዶውን ነውና ግማሹ ያለበትን ብርሌ ይዞ መቆየት ይቻላል።

ጉርሻን በተመለከተ «አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል» የተባለውን አትርሱ። የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ተቀበሉ፤ ሦስተኛው ሲመጣ ደግሞ ቀደም ብላችሁ እናንተ አጉርሱ። አጉራሽ ሰው ከጨዋታው ውጭ ሊባል አይችልም፤ በሚያጎርስበት ጊዜም አይበላም። ጭፈራውንም አትተዉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ከልብ የተጨፈረ እንደ ሆነ 300 ካሎሪ ገደማ ያወጣል። ነገር ግን ብዙዎቻችን ሰዓቱን የምናሳልፈው ቆመን በማጨብጨብ ስለሆነ፣ ይህንን አስቀድሞ በሒሳብ ውስጥ ማስገባት አይገባም።

የዚህ ሒሳብ ወሰንም መነገር አለበት። ደጋሹ ቅቤውን በሚዛን አይጨምርምና ከላይ ያሉት ቁጥሮች ግምት ናቸው፤ በሩብ ከፍ ወይም ዝቅ ሊሉ ይችላሉ። እርግጠኛው ዳኛ የአራት ዓርብ ጧት ሚዛን ነው። በአራቱ ሳምንት ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ በላይ ከፍ ካለ ግምቱ ዝቅ ብሏል፤ በመጀመሪያ ጠጁንና ወጡን መመርመር ነው። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቁርስና ምሳውን ከማዘዋወሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ክብደቱ ከልኩ በታች የሆነ፣ ወይም ምግብን መቁጠር ወደ ጭንቀት የሚወስደው ተማሪ ግን ይህን ሒሳብ ትቶ እንደ ልቡ ይብላ።

በመጨረሻም አንድ ቀን ሁላችንም ደጋሾች መሆናችን አይቀርም። ያን ጊዜ ጎመኑንና ዓይቡን ከክትፎው እኩል ፊት ለፊት እናቅርብ፤ ውሃውም ከጠጁ ጋር አብሮ ይዙር። ሁለት ጊዜ «በሞቴ» ካልን በኋላም ሦስተኛውን እንተወው።