«ማስት» እና «ሹድ»፦ ግዴታው የሚላላው የት ላይ ነው?

የእንግሊዝኛ ግዴታ ገላጮች የሆኑት ማስት፣ ሃቭ ቱ፣ ሹድ እና ኦት ቱ ለተማሪ ሲቀርቡ ብዙ ጊዜ እንደ መሰላል ይደረደራሉ፤ ማስት ከላይ፣ ሹድ ከታች። ድርድሩ ከእውነት የራቀ ባይሆንም ተማሪውን ማስት ማለት ጠንከር ተደርጎ የተነገረ ሹድ ነው ወደሚል ግምት ይመራዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን የጥንካሬ ብቻ አይደለም። ሹድ ሰሚው በቂ ምክንያት ካለው ነገሩን እንዲተወው ቦታ ይተዋል፤ ማስት አይተውም። አንድ እንግሊዛዊ ጓደኛውን በሹድ «ሐኪም ቤት ብትሄድ ይሻላል» ካለው በኋላ «ግን ግድ የለብህም» ብሎ ቢጨምር ማንም ግር አይለውም። ያንኑ ምክር በማስት ጀምሮ «ግን ግድ የለብህም» ቢል ግን ራሱን አፍርሷል።

ይህን ልዩነት በግልጽ ሥራ ላይ ያዋለው የብሪታንያ የመንገድ ደንብ መጽሐፍ፣ ሃይዌይ ኮድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1931 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አሁን ባለው እትም ማስት በትልልቅ ፊደላት ከተጻፈ ከጀርባው ሕግ አለ፤ መጣስ ወንጀል ነው። ሹድ ያለበት ግን ምክር ነው። ዜብራን የሚመለከተውን 195ኛ ደንብ እንውሰድ። እግረኛው ገና ጠርዝ ላይ ቆሞ ለመሻገር እየጠበቀ ከሆነ ለአሽከርካሪው የተጻፈው ቅድሚያ እንዲሰጥ በሹድ ነው፤ ይህም የገባው በጃንዋሪ 2022 እ.ኤ.አ. በተደረገው ማሻሻያ ነው። እግረኛው እግሩን ዜብራው ላይ ካሳረፈ ግን ግሱ ወዲያው ወደ ማስት ይለወጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ እርምጃ ነው፤ አሽከርካሪው ግን ከምክር ወደ ሕግ ተሻግሯል። እንግሊዝኛውን በአማርኛ የሚያስብ ሰው ሁለቱንም «ቅድሚያ መስጠት አለበት» ብሎ ስለሚረዳው ይህ ድንበር በቀላሉ ያመልጠዋል።

እንግዲያው ሹድ ጥርስ የሌለው ነው ወይ? የሚል ጥያቄ ይነሳል። አይደለም። የ1988 እ.ኤ.አ. የመንገድ ትራፊክ ሕግ 38ኛ አንቀጽ እንደሚለው የሃይዌይ ኮድን ምክር አለመከተል በራሱ ወንጀል ባይሆንም፣ አደጋ ደርሶ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከቀረበ የጥፋተኝነት ማስረጃ ሆኖ ሊጠቀስ ይችላል። ይህ ነጥብ የሹድን ባሕርይ ይበልጥ ያጠራዋል እንጂ አያፈርሰውም። በሹድ የተመከረ ሰው መተው ይችላል፤ ለምን እንደተወ ግን ሊጠየቅ ይችላል። ማስት ላይ «ለምን» ከመጠየቁ በፊት ጥፋቱ አልቋል።

ሃቭ ቱ ከማስት ጋር በጥንካሬ እኩል ነው፤ የሚለየው ግዴታው ከየት እንደመጣ ነው። በተለይ በብሪታንያ እንግሊዝኛ፣ «ሲጋራ ማቆም አለብኝ» የሚል ሰው በማስት ከተናገረ ውሳኔው የራሱ ይመስላል፤ በሃቭ ቱ ከተናገረ ሐኪም አዞታል ወይም ሌላ ከውጭ ያስገደደው ነገር አለ። ዝንባሌ ነው እንጂ ጥብቅ ሕግ አይደለም፤ በዕለት ተዕለት ንግግር፣ በተለይ በአሜሪካ፣ ሃቭ ቱ የማስትን ቦታ በብዛት ወስዷል። ስላለፈ ግዴታ ሲነገርም ምርጫ የለም፤ ማስት ያለፈ ጊዜ ስለሌለው «መሄድ ነበረብኝ» ሃድ ቱ ይሆናል። ጥንዶቹ ጨርሶ የሚለያዩት አሉታ ላይ ነው። አለቃ ሠራተኛውን ቅዳሜ እንዳይመጣ በማስት ኖት ከነገረው ከልክሎታል፤ በዶንት ሃቭ ቱ ከነገረው ግን መምጣት ግዴታ አይደለም፣ ከፈለገ ይምጣ ማለቱ ነው። አማርኛው «መምጣት የለብህም» ለሁለቱም ስለሚያገለግል ስህተቱ እዚህ ላይ ይበዛል፤ የተከለከለውን እንደተፈቀደ፣ የተፈቀደውን እንደተከለከለ መስማት ሥራ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

ኦት ቱ ብዙ አያቆየንም። ከሹድ ጋር አንድ ደረጃ ላይ ነው፤ «ተገቢው ይህ ነው» የሚል የሞራል ቃና ትንሽ ይበዛበታል፤ አጠቃቀሙም ከሹድ ያነሰ ነው፤ በጥያቄና በአሉታ ደግሞ ይበልጥ ያንሳል። የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ማስት መውጫ የማይተው ከሆነ እንግሊዛዊት አስተናጋጅ እንግዳዋን «ይህን ኬክ ቅመስ» ስትል ለምን በማስት ትናገራለች? ሹድ አይለሰልስም ነበር? ጥቅሙ የሰሚው ሲሆን እምቢታን መዝጋት ትሕትና ይሆናል፤ የእኛው «በሞቴ» የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እዚህ ቦታ ሹድ ቢገባ ግብዣው ቀዝቅዞ ወደ ምክር ይጠጋል። ያው አስተናጋጅ «ገንዘብ አበድረኝ» ለማለት ማስትን ብትጠቀም ግን ጥቅሙ የራሷ ስለሆነ ጥያቄው ትእዛዝ ይሆናል።