ተጨማሪ መረጃ፦ ቀጭን ጀማሪና ሩጫ
ልደታ የሚኖር፣ ቁመቱ 1.75 ሜትር፣ ክብደቱ 52 ኪሎ የሆነ ጤነኛ ወጣት ጂም ጀመረ እንበል። ረቡዕና ዓርብ ስለሚጾም ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ መላ ሰውነቱን ያሠራል። ስኳት፣ ቤንች ፕሬስና ጎንበስ ብሎ ብረት ወደ ሆድ መሳብ ይበቁታል፤ እያንዳንዱን በ3 ዙር፣ ከ8 እስከ 10 ጊዜ። ሦስቱንም ዙር አሠራሩ ሳይበላሽ 10 ከሞላ፣ በሚቀጥለው 2.5 ኪሎ ይጨምራል።

ሩጫ አይከለከልም፤ በሳምንት ሁለቴ፣ ከብረት በኋላ፣ እያወራ በሚሮጥበት ፍጥነት 20 ደቂቃ ይበቃል። በየማለዳው መስቀል አደባባይ ሄዶ ደረጃ መውጣትና መውረድ ግን ለእሱ አይሆንም፤ ለስኳት የሚፈልገውን እግር ያዝልበታል።

በየሳምንቱ ጠዋት ሳይበላ ይመዘን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ካልጨመረ፣ መጀመሪያ የሚታየው ሩጫው ሳይሆን ምግቡ ነው፦ በጾም ሽሮና ኦቾሎኒ፣ በፍስክ እንቁላል ይጨመርለት።