የማይመለሰው ዱቤ ስንት ነው?

በጠቅላላ ጉባኤ ወቅት የባለአክሲዮኖች ቅሬታ በየአዳራሹ ተመሳሳይ ነው። ድርጅቱ አተረፍኩ ይላል፤ የትርፍ ድርሻው ግን አይከፈልም፣ ቢከፈልም ይዘገያል። ሪፖርቱን ገልጦ የሚያነብ ሰው ደግሞ “ለአጠራጣሪ ተሰብሳቢ ሒሳብ የተያዘ መጠባበቂያ” የሚል መስመር ያገኝና እጁን ያወጣል። ይህን ያህል ሚሊዮን ብር የት ባንክ ነው ያለው? ከመድረክ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ግራ መጋባቱን ያብሰዋል፤ “ለክፉ ቀን ያስቀመጥነው ነው” ይባላል።

የተቀመጠ ገንዘብ የለም። ደንበኞች 20 ሚሊዮን ብር ዕዳ አለባቸው እንበል። ከዚህ ውስጥ 2.8 ሚሊዮኑ አይመለስም ብሎ ድርጅቱ ከገመተ፣ ሪፖርቱ ማሳየት ያለበት ሀብት 17.2 ሚሊዮን ብር ነው። 2.8 ሚሊዮኑ በየትኛውም ካዝና የለም፤ አይመጣም ተብሎ ከተሰብሳቢው ላይ የተቀነሰ ግምት ነው። ባለአክሲዮኑ መጠየቅ ያለበትም ገንዘቡ የት እንዳለ ሳይሆን ግምቱ እንዴት እንደተሠራ ነው።

ጉዳቱ የሚደርሰው ዕዳው ከመዝገብ የተሰረዘ ዕለት ነው የሚለው አስተሳሰብም እዚሁ ይስተካከል። አንድ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ምሳሌ ይሁነን፤ ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲቀሉ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ። ሰኔ መጨረሻ ላይ መዝገቡ 21.4 ሚሊዮን ብር ተሰብሳቢ ያሳያል። ካለፈው ዓመት የዞረ መጠባበቂያ 1.9 ሚሊዮን አለው። ስለዚህ የተጣራ ተሰብሳቢው 19.5 ሚሊዮን ነው። ሱቃቸውን ዘግተው የጠፉ ደንበኞች ዕዳ 1.4 ሚሊዮን ብር ይሰረዝ ሲባል ተሰብሳቢው ወደ 20 ሚሊዮን፣ መጠባበቂያው ወደ 500 ሺሕ ይወርዳል። የተጣራው አሁንም 19.5 ሚሊዮን ነው። በስረዛው ትርፉ በአንድ ብር እንኳ አልተነካም። ኪሳራው ቀድሞ፣ ግምቱ በተያዘበት ዓመት ተቆጥሯል። እንዲህ የሚደረግበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ዕቃው በዱቤ ሲሸጥ ሽያጩ ገቢ ተብሎ ወዲያው ይመዘገባል፤ ከዚያ ሽያጭ ውስጥ የማይመለሰው ድርሻም የዚያው ዘመን ወጪ መሆን አለበት። ስረዛ እስኪመጣ የሚጠብቅ ድርጅት የዘንድሮን ትርፍ አሳብጦ ኪሳራውን ለመጪው ዓመት ባለአክሲዮን ያስተላልፋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ብዙ የሒሳብ ክፍሎች፣ አንዳንድ አሠልጣኞችም ጭምር፣ የሚያስረዱት እንዲህ ነው። ያለፉትን ዓመታት ስረዛ በዱቤ ሽያጭ አካፍል፣ የምታገኘውን መቶኛ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ባለው ተሰብሳቢ አባዛ። አከፋፋያችን በአንድ ዓመት ውስጥ 100 ሚሊዮን ብር በዱቤ ሸጦ በመጨረሻ 3 ሚሊዮኑ ቀረ እንበል። መቶኛው 3 ነው። በሰኔ 30 ተሰብሳቢው 20 ሚሊዮን ስለሆነ መጠባበቂያው 600 ሺሕ ብር ይሆናል ማለት ነው። ስሌቱ ንጹሕ ይመስላል፤ ግን ስህተት ነው።

ስህተቱ ያለው 3 በመቶው የተገኘው ከሁሉም ሽያጭ መሆኑ ላይ ነው። ከሁሉም ሽያጭ ውስጥ አብዛኛውን የገዙት በወቅቱ የሚከፍሉ ሰዎች ናቸው። ሰኔ 30 ላይ መዝገብ ውስጥ የቀረው ዕዳ ግን የተጣራ አተላ ነው፤ ጥሩ ከፋዮች ከፍለው ወጥተዋል። ዕዳው በሰነበተ ቁጥር አብረውት የሚቀሩት የማይከፍሉት ናቸው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የዕድሜ ክፍል የራሱ መቶኛ ያስፈልጋል፤ እሱም የሚገኘው ያንኑ የ100 ሚሊዮን ሽያጭ ጉዞ በመከተል ነው።

የዱቤው ጊዜ 30 ቀን ነው እንበል። ከ100 ሚሊዮኑ 60 ሚሊዮኑ በጊዜው ተከፈለ፤ 40 ሚሊዮኑ ቀኑ አለፈበት። ካለፈ ከ30 ቀን በኋላ 18 ሚሊዮን ቀረ፤ ከ60 ቀን በኋላ 9 ሚሊዮን፤ ከ90 ቀን በኋላ 6 ሚሊዮን። ጨርሶ ያልተሰበሰበው 3 ሚሊዮን ነው። ይህ 3 ሚሊዮን በየደረጃው ያለፈ አንድና ያው ገንዘብ ስለሆነ በየደረጃው ለቀረው ይካፈላል። ቀኑ ላልደረሰ ዕዳ 3 ለ100፣ ማለትም 3 በመቶ። ካለፈ እስከ 30 ቀን ለሆነው 3 ለ40፣ ማለትም 7.5 በመቶ። ከ31 እስከ 60 ቀን ለሆነው 3 ለ18፣ ወደ 17 በመቶ ገደማ። ከ61 እስከ 90 ቀን ለሆነው 3 ለ9፣ ሲሶ። ከ90 ቀን በላይ ለሆነው 3 ለ6፣ ግማሽ።

ይህን ሰሌዳ ሰኔ 30 ባለው 20 ሚሊዮን ላይ እናሳርፈው። 10 ሚሊዮኑ ቀኑ ያልደረሰ ነው፤ 3 በመቶው 300 ሺሕ ብር። 4 ሚሊዮኑ እስከ 30 ቀን ያለፈ ነው፤ 300 ሺሕ። 1.8 ሚሊዮኑ ከ31 እስከ 60 ቀን ያለፈ ነው፤ ከስድስት እጁ አንዱ 300 ሺሕ። 1.2 ሚሊዮኑ ከ61 እስከ 90 ቀን ነው፤ ሲሶው 400 ሺሕ። የቀረው 3 ሚሊዮን ከ90 ቀን በላይ ሆኖታል፤ ግማሹ 1.5 ሚሊዮን። ድምሩ 2.8 ሚሊዮን ብር ይመጣል። በአንድ መቶኛ የሠራው የሒሳብ ሠራተኛ ያገኘው 600 ሺሕ ነበር። የ2.2 ሚሊዮን ብር ልዩነት ትርፍ ተብሎ ለጉባኤው ቀርቧል።

እዚህም አንድ እርምጃ ይዘለላል። 2.8 ሚሊዮኑ የዓመቱ ወጪ አይደለም፤ በዓመቱ መጨረሻ መጠባበቂያው ሊደርስበት የሚገባው መጠን ነው። ከስረዛው በኋላ 500 ሺሕ ስለቀረ የዘንድሮ ወጪ 2.3 ሚሊዮን ይሆናል። የቀረውን ሳያይ ሙሉውን 2.8 ሚሊዮን ወጪ ያደረገ ሰው መጠባበቂያውን ወደ 3.3 ሚሊዮን አሳድጎ አንዱን ኪሳራ ሁለቴ ቆጥሯል።

ሙሉውን ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ የሚከተሉ ድርጅቶች ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአይ ኤፍ አር ኤስ 9 መሠረት ይህን ዓይነት ሰሌዳ መጠቀም ይችላሉ። ደረጃው ገና ቀኑ ላልደረሰ የንግድ ዕዳም ግምት ይያዝ ይላል፤ ያለፈውን ብቻ ሳይሆን የሚመጣውንም ተመልክታችሁ መቶኛውን አስተካክሉ ይላል። ሐሳቡ ትክክል ነው። አፈጻጸሙ ላይ ግን ጥርጣሬዬን አልደብቅም። ሪፖርቶች የሚመጣውን አየን ለማለት የአገሪቱን ይፋዊ የኢኮኖሚ ዕድገትና የዋጋ ንረት ቁጥር አምጥተው በቀመር ውስጥ ያስገባሉ። ቁጥሩ እውነት ቢሆን እንኳ ስለ አንድ የብረት ነጋዴ የመክፈል አቅም የሚነግረን ጥቂት ነው። የእኔ እምነት ሌላ ነው። በእኛ ገበያ ዱቤ ሰንሰለት ነው። መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ለተቋራጩ ሳይከፍል ሲቀር ተቋራጩ ለባለሱቁ፣ ባለሱቁ ለአከፋፋዩ አይከፍልም። አከፋፋዩ ማየት ያለበት የደንበኛውን ከፋይ ነው። የተቋራጮችን ዕዳና የባለሱቆችን ዕዳ በአንድ ሰሌዳ መደባለቅም ሁለቱንም ግምት ያበላሻል። ከተሰብሳቢው ሲሶውን ብቻውን የያዘ ደንበኛ ካለም በአማካይ መገመቱ ቀርቶ ለብቻው ይመርመር። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲተመን ከመወሰኑ በፊት የተሰበሰበ የክፍያ ታሪክም እንዳለ ተወስዶ ለዛሬ መዋል የለበትም፤ ያኔ ለአንድ ጭነት የሚበቃው ካፒታል ዛሬ አይበቃም፣ ደንበኛው ከአበዳሪዎቹ መካከል ለማን አስቀድሞ እንደሚከፍል ተለውጧል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የዕድሜው መረጃ ራሱ ሲበላሽ ነው። ባለዕዳው ቼኩ ቀን ሲደርስበት “አታስገባው፣ ሌላ ልጻፍልህ” ይላል። ሻጩ አዲስ ቀን ያለው ቼክ ይቀበላል፤ አንዳንዱ አሮጌውን ደረሰኝ ሰርዞ አዲስ ይቆርጣል። ዕዳው በአንድ ቀን ወጣት ሆነ። በምሳሌያችን ከ90 ቀን ካለፈው 3 ሚሊዮን ውስጥ 2 ሚሊዮኑ እንዲህ ቢታደስ ለእሱ የሚያዘው መጠባበቂያ ከ1 ሚሊዮን ወደ 60 ሺሕ ብር ይወርዳል። አንድ ሳንቲም ሳይሰበሰብ ትርፉ በ940 ሺሕ ብር ይጨምራል። ሰሌዳው በትክክል ተሠርቶ ውጤቱ ውሸት የሚሆንበት መንገድ ይህ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚሰላውን መቶኛም አብሮ ይበክላል።

ማወቂያው ከባድ አይደለም። በሰኔ የመጨረሻ ሳምንታት የተቆረጡ የዱቤ ደረሰኞች ከመጋዘን ወጪ ሰነድ ጋር ይመሳከሩ፤ ዕቃ ያልወጣበት ደረሰኝ የታደሰ ዕዳ ነው። ቀጥሎ የሐምሌና የነሐሴ የባንክ መግለጫ ይታይ። ቀኑ አልደረሰም የተባለው 10 ሚሊዮን እስከ ሐምሌ መጨረሻ በአብዛኛው መግባት ነበረበት፤ ካልገባ በሰኔ የተሰጠው ዕድሜ እውነት አልነበረም። በጅምላ የሚከፍል ደንበኛ ገንዘብም ለየትኛው ደረሰኝ እንደተቀነሰ ይጠየቅ። ክርክር ያለበትን አሮጌ ደረሰኝ ደንበኛው ሳይነካ ለአዲሱ ከከፈለ፣ መዝገቡ ግን ክፍያውን በራሱ ከአሮጌው ላይ ካነሳ፣ ችግሩ ያለበት ዕዳ በወረቀት ላይ ተከፍሎ ይታያል።

ግብሩን በአጭሩ ልጥቀስ። በ2008 የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ግምትን እንደ ወጪ አይቀበልም። የሚቀበለው ቀድሞ በገቢነት የተያዘ፣ ከመዝገብ የተሰረዘና ለማስከፈል ተገቢው ጥረት ሁሉ የተደረገበትን ዕዳ ነው። አከፋፋያችን 2.3 ሚሊዮን ወጪ ቢመዘግብም፣ ማስረጃው ከተሟላ ለግብር የሚቀነስለት የተሰረዘው 1.4 ሚሊዮን ብቻ ነው። በቀሪው 900 ሺሕ ላይ 30 በመቶ፣ ማለትም 270 ሺሕ ብር፣ ገና ላላገኘው ገንዘብ ይከፍላል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን፣ ደረቅ ቼኩን፣ የክስ መዝገቡን ፋይል ውስጥ ያላስቀመጠ ደግሞ የ1.4 ሚሊዮኑንም ቅናሽ ያጣል።